ከቡሬ እስከ በርበሬ ተራ

ይህን ማስታወሻ የጻፍኩት በጥር 2011 ነው። ከቡሬ ተነስቼ አዲስ አበባ የገባሁበት ሰሞን ነበር። ዕድሜዬ ያኔ 21 ነበር። አክስቴ አዲሱ ገበያ አካባቢ በቤቷ ባልትና ታዘጋጃለች። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ። ጉልበቷን ስለታመመች መርካቶ የሚወጣላት ሰው አጣች። እናቴም እኔን ላከችኝ። ደብተሩን በቅርቡ ዕቃ ሳስተካክል አገኘሁት። ፊደል አቃንቼ፣ አንዳንድ ቦታ ኋላ ያወቅኩትን ጨምሬበታለሁ። የሆነውን ግን አልነካሁም።

ጥር 14፣ ማክሰኞ

ከቡሬ የወጣነው ገና ሳይነጋ ነው። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ይላሉ። ደብረ ማርቆስ ላይ ፀሐይ ወጣች። ደጀን ቁርስ በላን። ከዚያ ዓባይ በረሃ። ቁልቁለቱን ስንወርድ አጠገቤ ያሉት እናት መስኮቱን ይዘው ጸሎታቸውን አላቋረጡም። ድልድዩን ተሻግረን ጎሐ ጽዮን እስክንወጣ እኔም አብሬያቸው ዝም አልኩ።

እናቴ የጫነችብኝ ብዙ ነገር ነው። በሶ፣ ማር፣ አንድ ቋጠሮ የኛ አገር በርበሬ። በርበሬውን ከጓሯችን የለቀምኩት እኔ ነኝ። ኅዳር ላይ ለቀምን፣ በሰሌን ላይ አሰጣን፣ ማታ ማታ እየሰበሰብን ቀን ቀን እያወጣን አደረቅን። ስለ በርበሬ የሚነግረኝ ሰው አለ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ከሱሉልታ በኋላ እንጦጦን አልፈን ከተማው ወለል ብሎ ታየ። አውቶቡሱ በአዲሱ ገበያ በኩል ነው የወረደው። አክስቴ እዚያ ውረጂ ብላኝ ነበር። እኔ ግን ስሙ ገበያ ስለሆነ ድንኳንና ጆንያ ስጠብቅ አለፍኩት። ሱቅና ፎቅ ብቻ ነው ያየሁት። አውቶቡስ ተራ ስንደርስ ነው የነቃሁት።

አውቶቡስ ተራ መርካቶ ጫፍ ላይ ነው። ስወርድ አራት ሰው በአንድ ጊዜ ሻንጣዬን ያዘ። ሻንጣውን አቅፌ ግድግዳ ጥግ ቆምኩ። አንድ የታክሲ ረዳት "ጎጃም በረንዳ! ጎጃም በረንዳ!" እያለ ሲጣራ ሰማሁ። ስሙን ስሰማ እንባዬ መጣ። የአገሬ ስም እዚህ ሰፈር ሆኖ ይጠብቀኛል ብዬ አልገመትኩም። ረዳቱን ስለ አዲሱ ገበያ ጠየቅኩት። በእጁ ይዞ ከሌላ ታክሲ አሳፈረኝ። ያን ልጅ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ጥር 15፣ ረቡዕ

አክስቴን እታለም ነው የምላት። ከጠዋት ጀምሮ ስትነግረኝ ዋለች። ባልትና የሚሠራ ሰው የዓመቱን በርበሬ የሚገዛው በዚህ ወቅት ነው። አዲሱ ምርት ከኅዳር ጀምሮ ይገባል፤ ጥር ላይ ገበያው ይሞላል። ፀሐዩም ለማስጣት ይመቻል። ክረምት ሲቃረብ ዋጋው ይወጣል፣ ፀሐዩም ይጠፋል። የሚያስፈልጋት ሁለት ፈረሱላ ነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። እኛ ቡሬም በፈረሱላ እንሸጣለን፤ ይህ ብቻ ነው ያልከበደኝ።

ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ የምትከራይ ልጅ ወደ ሥራዋ ስትሄድ ይዛኝ ሄደች። ሸማ ተራ ሱቅ ውስጥ ነው የምትሠራው። መንገድ ላይ የነገረችኝን ማታ ጻፍኩት። "መርካቶ ውስጥ ዕቃ አትጠይቂ፣ ተራ ጠይቂ" አለችኝ። በርበሬ የት አለ ብዬ ብጠይቅ አሥር ሰው አሥር ቦታ ይወስደኛል፤ ሁሉም የሚያውቀው ሱቅ አለውና። በርበሬ ተራ በየት ነው ብዬ ብጠይቅ ግን አቅጣጫውን ብቻ ያሳዩኛል። የሚጠይቅ ሰው ቦታውን ያውቃል ብለው ያስባሉ።

እየዞርን አየነው። ቆርቆሮ ተራ ከሩቅ ይሰማል፤ መዶሻው አያርፍም። ምን አለሽ ተራ የተጣለ ብረትና ጣሳ ምድጃና ማንቆርቆሪያ ሆኖ ይነሳል። ሸራ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ሳጥን ተራ። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጥ ሁሉ ጎን ለጎን ነው የተቀመጠው። አገሬ ገበያም እንዲሁ ነው፤ እህሉ በአንድ ወገን፣ ቅቤው በአንድ ወገን፣ ከብቱ በዳር። ልዩነቱ ስፋቱ ነው።

እንዳልጠፋ ሁለት ምልክት ሰጠችኝ። የአንዋር መስጊድ ሚናራና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን። ቅርብ ለቅርብ ናቸው። "ግራ ሲገባሽ ቀና በይ። ከሁለቱ አንዱን ካየሽ አልጠፋሽም" አለችኝ። ሦስት ጊዜ ቀና አልኩ።

አንድ ሽማግሌ የሸማ ነጋዴ ከቡሬ መምጣቴን ሰምተው አስቀመጡኝ። ዱሮ የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ እንደነበር ነገሩኝ። ጣሊያን በወረራው ዘመን አገሬውን ከዚያ አንስቶ ወደዚህ ገፋው። መርካቶ የሚለውም የጣሊያን ቃል ነው፤ ገበያ ማለት ነው። "ስለዚህ መርካቶ ገበያ ስትይ ገበያ ገበያ ማለትሽ ነው ልጄ" አሉኝ።

ጥር 16፣ ሐሙስ

ዛሬ ለብቻዬ ወጣሁ። እታለም ብሩን በመቀነቴ ቋጠረችልኝ።

በርበሬ ተራን በአፍንጫዬ ነው ያገኘሁት። ገና ሳልገባ አስነጠሰኝ። ጆንያና ማዳበሪያ እስከ ጣራ ተደርድሯል። አፋቸው የተከፈተው ከፊት ተቀምጠዋል። አንዱ ደማቅ ቀይ፣ አንዱ ጠቆር ያለ። ማረቆ፣ አላባ እያሉ በመጣበት አገር ይጠሩታል። የተሸካሚው፣ የደላላው፣ የሚዛኑ ጩኸት አንድ ላይ ነው።

አንድ ደላላ ቀረበኝ። ትሑት ሰው ነው። "እህቴ፣ ለባልትና ነው? ነይ ማረቆ ላሳይሽ" አለኝ። ከእርሱ በፊት ሌላ ሱቅ በኪሎ 120 ብር ተብዬ ነበር። ይህ ግን 105 አለኝ። የጆንያውን አፍ ከፈተልኝ። ዛላው ረዥም፣ ቆዳው የሚያብረቀርቅ፣ ጠቆር ያለ ቀይ። ሁለቱን አንስቼ ሰበርኩ። ቀጭ አሉ። ጥሩ ነው አልኩ። 17 ኪሎ አስመዘንኩ። 1785 ብር ከፈልኩ። ከዋጋው በፈረሱላ 255 ብር ያተረፍኩ መሰለኝ።

ተሸካሚው እስከ ታክሲ አደረሰልኝ። ጆንያውን ሲያወርድ "ከበደ ይሄ ነገር" አለ። አልሰማሁትም። በኋላ ነው የገባኝ። በርበሬ ሙሉ ጆንያ ሆኖ 17 ኪሎ መሆን ነበረበት። የኔ ጆንያ ግን ሙሉ አልነበረም። ደረቅ ዛላ ነፋስ የያዘ ነገር ነው፤ ቦታ ይይዛል እንጂ አይከብድም። ትንሽ ቦታ ይዞ ብዙ ከመዘነ ውስጡ ውኃ አለ።

ማታ እታለም ጆንያውን በእጇ መታችው። ደረቅ በርበሬ ሲመቱት ይንኮሻኮሻል። ይህ ዝም አለ። እጇን እስከ ክርኗ አስገባች። "ቀዝቃዛ ነው" አለች። ወለል ላይ ዘረገፍነው። ከላይ አንድ ጣት ያህል ደረቅ ነው፣ ከሥሩም እንዲሁ። መሃሉ ግን የረጠበ ቆዳ ይመስላል። ሲያጥፉት ይታጠፋል፣ አይሰበርም። ሲወዘውዙት ፍሬው አይንኳኳም። አንዱን ከፈትኩት። ፍሬው ወርቅማ መሆን ሲገባው ቡናማ ሆኗል፤ ዙሪያውን ደግሞ አመድ የመሰለ ሻጋታ ይዞታል።

አፈርኩ። የበርበሬ አገር ልጅ ነኝ። በርበሬ ዘርቼ፣ ኮትኩቼ፣ ለቅሜ ነው ያደግኩት። እታለም አልተቆጣችኝም። "አንቺ የምታውቂው የተሰጣ በርበሬ ነው። የታሰረ በርበሬ አታውቂም" አለችኝ። እራት አልበላ አለኝ።

ጥር 17፣ ዓርብ

ጠዋት በርበሬውን ግቢ ውስጥ በሸራ ላይ አሰጣሁት። ከዚያ ወደ መርካቶ ሮጥኩ። የደረስኩት ስድስት ሰዓት አልፎ ነው። ሱቁ ዝግ ነው። ግራና ቀኙም ዝግ ነው። ለካ ዓርብ ቀትር ብዙው ነጋዴ ለጁምአ ሶላት ይሄዳል። ይህንንም አላወቅኩም ነበር። ደረጃ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ።

ባለሱቁ መጣ። ነገርኩት። ጮኾ አልተናገረኝም። "እህቴ፣ በርበሬ ከበር ከወጣ አይመለስም። አይተሽ ነው የገዛሽው" አለኝ። እውነቱን ነው። ያየሁት ግን አፉን ብቻ ነው።

ስመለስ አንድ እናት ከሱቃቸው በር ላይ ጠሩኝ። ትናንት 120 ያሉኝ ሴትዮ ናቸው። "አልገዛሽም እንዴ ልጄ?" አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ውኃው ከየት እንደሚመጣ ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። በጣም የደረቀ ዛላ ሲጫንና ሲራገፍ ይሰባበራል። የተሰባበረ በርበሬ ደግሞ ዋጋ የለውም፤ ፍሬው ይራገፋል። ስለዚህ ጆንያ ውስጥ ከመጨመሩ በፊት ውኃ እፍ ይሉበታል። ቆዳው ይለሰልሳል፣ ተረግጦ ይገባል፣ አይሰበርም። አንዳንዱ ይህን ብቻ ብሎ ነው የሚያደርገው። አንዳንዱ ደግሞ ውኃው በበርበሬ ዋጋ እንደሚሸጥ ስለሚያውቅ ያበዛዋል። ሁለቱም ጆንያው ቶሎ ካልተፈታ አንድ ውጤት አላቸው። መሃሉ ይሻግታል።

እዚህ ላይ ያኔ ያላወቅኩትን ልጨምር። በሻጋታው ውስጥ ሊፈጠር የሚችል አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ አለ። ጉበት ይጎዳል። መፍጨትም ማብሰልም አያጠፋውም። የሻገተውን ዛላ ጠርጎ፣ አድርቆ፣ ከጥሩው ጋር መፍጨት ዋጋው ከብር በላይ ነው። እታለም የመርዙን ስም አታውቅም ነበር። "የሻገተ በርበሬ ሰው ቤት አላስገባም" ትል ነበር እንጂ።

ጥር 18፣ ቅዳሜ

ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ ጠጣ። ማታ ማታ ቤት አስገባነው፤ ጤዛ ካገኘው ድካሙ ከንቱ ነው። ዛሬ ከሰዓት መዘንነው። 14 ኪሎ። ሦስት ኪሎ ውኃ ኖሯል። ከዚያ አንድ በአንድ እየከፈትን መረጥን። ጎረቤቶች አገዙን። የሻገተውና ፍሬው የጠቆረው ተለይቶ አንድ ኪሎ ተኩል ሆነ። እርሱን ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። የቀረን 12 ኪሎ ተኩል ነው።

እታለም ደብተሬን አምጪ አለችኝ። የከፈልኩትን 1785 ብር ለቀረው አካፈልኩ። በኪሎ 143 ብር ገደማ። 105 ብር ብዬ የገዛሁት በርበሬ ማለት ነው። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ጥር 19፣ እሁድ

መርካቶ እሁድ ፀጥ ይላል። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ መጣሁ። ከሰዓት እናቴ ከቋጠረችልኝ በርበሬ አምስት ዛላ መረጥኩ። በመሐረብ ጠቀለልኳቸው።

ጥር 20፣ ሰኞ

ዛሬን ረዘም አድርጌ ልጽፍ።

የሄድኩት ወደ እኚያ እናት ሱቅ ነው። በመሐረቤ ያለውን ዘርግቼ አሳየኋቸው። አንዱን አነሱ። ጆሯቸው አጠገብ ወዘወዙት። ፍሬው ሻካሻካ አለ። "ይህ እንደ ደረቀ የሚቆይ ነው። ከየት ነው?" አሉ። "ከጓሯችን" አልኩ። ፈገግ አሉ። "እንግዲያው ምን እንደምትፈልጊ ታውቂያለሽ" አሉኝ።

በቡሬ ገበያ ገበሬው በርበሬውን ጆንያ ላይ ዘርግፎ ነው የሚሸጠው። ገዢው ቁጢጥ ብሎ በእጁ ያገላብጣል። የዘረገፈ ሰው የሚደብቀው ነገር የለም። ሐሙስ ዕለት ይህን እንዴት እንዳልጠየቅኩ ሌሊቱን ሳስብ ነበር። ከተማ ነው፣ እንዲህ አይደረግም ብዬ ፈርቼ ነው።

"እትዬ፣ ይዘርገፍልኝ" አልኳቸው።

አጠገባችን የነበረ ተሸካሚ ሳቀ። "ፋራ ናት እንዴ? መርካቶ ጆንያ ይዘረገፋል?" አለ። እሳቸው ገሠጹት። "ዝም በል። የሚገዛ ሰው ነው የሚያስዘረግፈው" አሉት። ከኋላ ሸራ አስነጠፉ። ጆንያው ተገለበጠ።

ቁጢጥ አልኩ። ከመሃል እፍኝ ዘገንኩ። ሙቀቱ እንደ ላዩ ነው፤ አይቀዘቅዝም። የኔን ዛላ በአንድ እጅ፣ የእሳቸውን በአንድ እጅ ይዤ ወዘወዝኩ። ድምፁ አንድ ነው። ከዚያ ከተለያየ ቦታ አሥር ዛላ ለቅሜ አንድ በአንድ ከፈትኩ። ዘጠኙ ፍሬው ወርቅማ ነው። አንዱ ብቻ ጫፉ ላይ ጥቁር ነጥብ አለው። አሸተትኩት። የምድር ቤት ሽታ የለውም። የሚያቃጥል የበርበሬ ሽታ ብቻ ነው። ነጭ ነጭ የሆኑ፣ ፀሐይ ያነጣቸው ዛላዎችም ነበሩበት። እነዚህ አይጎዱም፤ ግን ቀለም አይሰጡም። ብዙ ከሆኑ በርበሬው ሲፈጭ ይገረጣል። እነሱን በዓይኔ ቆጠርኩ። ጥቂት ናቸው።

ዋጋው 125 ሆኗል። ቅዳሜ ጨምሯል አሉኝ። ስንነጋገር ቆይተን 122 ላይ ተስማማን። ለ17 ኪሎ 2074 ብር። ሚዛኑን ከመስቀላቸው በፊት ባዶውን አሳዩኝ፤ ዜሮ ላይ ነው። ጆንያው እስከ አፉ ሞላ። ያው ተሸካሚ አነሳው። "ቀላል ነው" አለ። ደስ አለኝ።

ቤት አድርሼ ለጥንቃቄ አሰጣሁት። ከሁለት ቀን በኋላ ስንመዝነው 16 ኪሎ ተኩል ሆነ። የተጣለው ግማሽ ኪሎ ነው። 16 ኪሎ ቀረን። በኪሎ 130 ብር ገደማ መሆኑ ነው። ውድ ያልኩት በርበሬ ርካሽ ካልኩት በኪሎ 13 ብር አነሰ።

ጥር 21፣ ማክሰኞ

አስተርዮ ማርያም። ሥራ የለም። ጠበል ጻድቅ ተጠርተን ዋልን። ጎረቤቶች ስለ በርበሬዬ ሰምተዋል። አንዲት ሴትዮ ሳምንት አብሬሽ ልሂድ አሉኝ።

ጥር 22፣ ረቡዕ

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አትክልት ተራ ነበርኩ። ጊዮርጊስ አጠገብ ነው። መሬቱ በቲማቲምና በጎመን ጭቃ ሆኗል። ማልዶ መሄድ ያስፈለገው ጅምላው በጠዋት ስለሚያልቅ ነው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ገዛሁ። ነጭ ሽንኩርቱን ጨበጥ አደረግኩት። ጠንካራ ከሆነ ጥሩ ነው። ፉፍ ካለ ውስጡ ደርቋል። ያቺ ቦታ ዛሬ እንደዚያ አይደለችም። በ2012 ኮሮና ሲመጣ ገበያው ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፣ ከዚያም ወደ ላፍቶ ሄደ። ይህን ስጽፍ ጭቃው ሳይቀር ናፈቀኝ።

ከዚያ ቅመም ተራ። በሶብላ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ጥቁር አዝሙድ ብዙ አላስቸገረኝም። ብዙ የቆየሁት ኮረሪማ ላይ ነው። በርበሬ ውስጥ ከሚገባው ቅመም ውዱ እርሱ ነው። የተፈለፈለም ይሸጣል፣ ከነልጣጩም ይሸጣል። እታለም ከነልጣጩ አምጪ ብላኛለች። የተፈለፈለ ኮረሪማ ከየት እንደመጣ፣ ምን ያህል እንደቆየ አይታወቅም። ሽታው ቶሎ ይተናል። ልጣጩ ክዳኑ ነው።

ከነልጣጩ ሲሆን ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ባዶ ይገኛል። ሳይበስል የተለቀመ ኮረሪማ ሲደርቅ ውጪው ሙሉ ሊመስል ይችላል፣ ውስጡ ግን ያልዳበረ ፍሬ ነው። ስለዚህ እንደ በርበሬው አሥር ለቅሜ ሰበርኩ። ነጋዴው ቅር አለው። "የሰበርኩትን እከፍላለሁ" አልኩት። ዝም አለ። ፍሬው ጥቁር ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅና እርስ በርሱ የተጣበቀ ከሆነ በስሏል። ገርጥቶ የሚፈረፈር ከሆነ አልበሰለም። አንዷን ፍሬ ነከስኳት። አፍንጫዬ ድረስ ወጣች። ሁለት ኪሎ ገዛሁ። እታለም ከልጣጩ ጋር ሲገዛ ሲሶው እንደሚቀነስ ስለምታውቅ ነው ሁለት ኪሎ ያለችኝ።

ዛሬ አንድ ጊዜም ቀና አላልኩም። ከቅመም ተራ እስከ ታክሲው በእግሬ መጣሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ነው ያስታወስኩት።

ጥር 23 እስከ 27

ለመጻፍ ጊዜ የለም። ቀነጠስን። ጭራው ሲነሳ ሁለቱ በርበሬ አንድ ላይ 26 ኪሎ ሆነ። በሙቀጫ ሸከሸክነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና በሶብላ ወቅጠን ደለዝነው። ሁለት ሌሊት ተከድኖ አደረ። ከዚያ እንደገና ማስጣት። ቅመሙን እታለም ራሷ አመሰችው። እሳቱን ለማንም አትሰጥም። ኮረሪማ ከበዛበት ይመራል፤ ድምፁን ስትሰማ ታወጣዋለች። እጄ ሦስት ቀን ተቃጠለ። ማታ በቅቤ እየቀባሁት ነው የተኛሁት።

ጥር 28፣ ማክሰኞ

ወፍጮ ቤት። ወረፋ አለ። ከእኛ በፊት ሽሮ ነበር የሚፈጨው። እታለም ያስጠነቀቀችኝ ነገር ነው ይህ። ሽሮ የወጣበት ወፍጮ በርበሬ ሲገባበት የመጀመሪያው ሁለት እፍኝ ሽሮ የቀላቀለ ነው የሚሆነው። ፈጪውን ለመንኩት። አንድ ጣሳ ጨው አስቀድሞ አሳለፈበት። ከዚያ የኛ ገባ።

ሲወጣ ሞቅ ይላል። ትኩስ በርበሬ ወዲያው ከታሰረ ላብ ይይዛል፤ ያ ላብ ደግሞ እንደገና ሻጋታ ያመጣል። ስለዚህ ቤት ሄደን በሰፊ ትሪ ላይ ዘርግተን አቀዘቀዝነው። እታለም በውኃ ብርጭቆ ላይ አንድ ማንኪያ በተነች። ይህን ለደንበኞቿ ማሳየት ትወዳለች። በርበሬው ከላይ ተንሳፎ ቆየ፣ ቀስ እያለ እየራሰ ወረደ። ሸክላ ወይም አሸዋ የተቀላቀለበት ቢሆን ኖሮ ወዲያው ሥር ይቀመጥ ነበር። ውኃው በአንዴ ቀልቶ ቢሆን ደግሞ ቀለም አለበት ማለት ነው።

በመጨረሻ እንጀራ ቆርሳ ሰጠችኝ። ቀመስኩ። የኛን ጓሮ በርበሬ አይመስልም። ግን በደንብ የተሠራ ነው። ሁለታችንም ዝም ብለን በላን።

ከዚያ "ነገ ሾላ ገበያ ትሄጃለሽ" አለችኝ። "ቅቤ አልቋል።"

"ቅቤን እንዴት ነው የሚያዩት እታለም?" አልኳት።

"እጅሽን አምጪ" አለች። የእጄን ጀርባ ገለበጠች። ከማሰሮ ጥቂት ቅቤ በጣቷ አንስታ ቀባችኝና "አሁን ጠብቂ" አለችኝ። "ንጹሕ ከሆነ ይቀልጥና ወደ ቆዳሽ ይገባል። ስብ ከተቀላቀለበት ከላይ ይቀራል፤ ሰም ይመስላል።" ሁለታችንም እጄን እያየን ተቀመጥን።